በስም አጻጻፍ ልዩነት የተባዙ የደንበኞች መዝገቦችን ስለ ማገናኘት

የደንበኞች መዝገብ ተባዛ የሚባለው አንድ ሰው በአንድ ድርጅት የመረጃ ቋት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝግቦ ሲገኝና ድርጅቱም እነዚያ መዝገቦች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በኢትዮጵያ ባንኮች ይህ የሚፈጠርበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ደንበኛው በአንድ ቅርንጫፍ የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲሄድ፣ ሁለተኛው ሠራተኛ ስሙን በጆሮው ሰምቶ በለመደው ፊደል ይጽፈዋል፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ «ሠይፉ» ብሎ የጻፈውን ሁለተኛው «ሰይፉ» ይለዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁለቱን ቃላት በፊደል ቁጥራቸው ስለሚያውቃቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ከዚህ በኋላ ባንኩ የዚያን ሰው ጠቅላላ ብድርም ሆነ ጠቅላላ ቁጠባ በአንድ ገጽ ሊያይ አይችልም፤ አንዱ መዝገብ ላይ የታረመ ስልክ ቁጥር ሌላው ላይ ሳይታረም ይኖራል።

የፋይዳ ቁጥር የተያያዘባቸው መዝገቦች በቁጥሩ ብቻ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት የተከፈቱና ባለቤታቸው ተመልሶ ያልመጣባቸው ሒሳቦች የሚታወቁት በስም፣ በጾታ፣ በትውልድ ቀንና በስልክ ብቻ ነው። እነዚህን ለማገናኘት የሚያገለግለው ዘዴ የቅርበት ንጽጽር ይባላል፤ ይኸውም ሁለት ጽሑፎች «አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ምን ያህል ይቀራረባሉ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን ከዜሮ እስከ አንድ በሚደርስ ነጥብ የሚሰጥ ስሌት ነው።

ከእነዚህ ስሌቶች ሁሉ በብዛት የሚታወቀው በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ በቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ስም የሚጠራውና መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጣለው የአርትዖት ርቀት ነው። የአርትዖት ርቀት ማለት አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚያስፈልገው አነስተኛ የእርምት ብዛት ሲሆን፣ እርምት የሚባሉትም አንድ ፊደል መጨመር፣ አንድ ፊደል ማጥፋትና አንድን ፊደል በሌላ መተካት ናቸው። «ታደሰ»ን ወደ «ታደለ» ለመለወጥ አንድ ፊደል መተካት ይበቃል፤ ስለዚህ ርቀታቸው አንድ ነው። የርቀቱ ቁጥር ለረጅሙ ቃል የፊደላት ብዛት ተካፍሎ ከአንድ ሲቀነስ የቅርበት ነጥቡ ይገኛል፤ ለእነዚህ ሁለት ስሞችም ነጥቡ 1 − 1/3፣ ማለትም 0.67 ይሆናል።

ይህ ስሌት እንደ ወረደ በአማርኛ ስሞች ላይ ሲሠራ የሚያደርሰውን ስሕተት ለማየት፣ ለዚህ ትምህርት ተብለው የተዘጋጁ ሦስት መዝገቦችን ማስቀመጥ ይጠቅማል። የመጀመሪያው «ዓለሙ ገ/መድኅን ሠይፉ» ይላል፤ ወንድ፣ የትውልድ ቀኑ 12/05/1978። ሁለተኛው «አለሙ ገብረ መድህን ሰይፉ» ይላል፤ ወንድ፣ የትውልድ ቀኑ 20/01/1986። ሦስተኛው «ዓለም ገ/መድኅን ሠይፉ» ይላል፤ ሴት፣ የትውልድ ቀኗ 03/11/1981፣ ስልኳም ከመጀመሪያው መዝገብ ስልክ ጋር አንድ ነው። አንባቢ እንደሚገምተው የመጀመሪያውና ሁለተኛው አንድ ሰው ናቸው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በወንድሟ ስልክ የተመዘገበች እኅቱ ናት።

ስሌቱ ግን የሚያየው ሌላ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል «ዓ» በ«አ» ተተክቷል፣ «ሠ» በ«ሰ» ተተክቷል፣ «ኅ» በ«ህ» ተተክቷል፣ እዝባሩም በ«ብ» ተተክቶ «ረ»ና ባዶ ቦታ ተጨምረዋል፤ ድምሩ ስድስት እርምት ነው፤ ረጅሙ ጽሑፍ ባዶ ቦታዎቹን ጨምሮ 16 ምልክቶች ስላሉት የቅርበት ነጥቡ 0.63 ገደማ ይወጣል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን «ሙ» ወደ «ም» መለወጡ ብቻ ነው፤ አንድ እርምት ከ14 ምልክቶች፣ ነጥቡም 0.93 ነው። በብዙ ቦታ እንደሚደረገው 0.85ን የወሰን ነጥብ አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ አንድ ሰው ነው የሚል ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ወንድምና እኅትን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሰውየውን ግን ከራሱ ይለየዋል። የወሰን ነጥቡን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግም አያድንም፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ጥንድ ከተሳሳተው ጥንድ በታች እስከሆነ ድረስ በመካከላቸው የሚሰመር ማንኛውም መስመር የሚፈለገውን ሊለይ አይችልም። ችግሩ ስሌቱ እያንዳንዱን ልዩነት በእኩል ዋጋ መቁጠሩ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የትኛው ልዩነት ከጸሐፊ ልማድ፣ የትኛው ከእጅ ስሕተት፣ የትኛው ደግሞ ከእውነተኛ የስም ልዩነት እንደመጣ በመለየት ነው።

ከጸሐፊ ልማድ የሚመጣው ልዩነት ከንጽጽሩ በፊት ሙሉ በሙሉ መወገድ አለበት፤ ይህም ስምን ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ማምጣት ይባላል። በአማርኛ ዋናው ሥራ ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለትም ቅርጻቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ የሆነውን፣ ወደ አንድ ወኪል መመለስ ነው። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ በሰባቱም ደረጃ ያለ ችግር ይመለሳሉ። የሀ ቤተሰብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እና ኻ አንድ ድምፅ ስላላቸው በአንድ ላይ ይጠቃለላሉ፤ ኸ ግን ከእነርሱ የተለየ ድምፅ ስላለው በጅምላ አብሮ ከተጠቀለለ ሌላ ስሕተት ይፈጥራል። በተመሳሳይ መንገድ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ አንድ ይሆናሉ፤ ኧ ግን ለብቻው ይቀራል። «ጐሹ» እና «ጎሹ»፣ «ዉብሸት» እና «ውብሸት»፣ «ተስፋየ» እና «ተስፋዬ» የሚሉት ልዩነቶችም በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ይሰጣቸዋል።

እዝባሩ ከሞክሼ ፊደላት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። «ገ/» ገብረ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያጠራጥርም፤ «ተ/ማርያም» ግን ተክለማርያምም ተስፋማርያምም ሊሆን ይችላል፤ «ሀ/ማርያም» ተብሎ የተጻፈውም ኃይለማርያም ወይም ሀብተማርያም ነው፤ ሞክሼዎቹ ከተጠቃለሉ በኋላ ደግሞ «ኃ/» እና «ሀ/» አንድ ስለሚሆኑ ፊደሉ ራሱ ይሰጥ የነበረው ጥቂት ፍንጭ ይጠፋል። ስለዚህ እዝባሩ መፈታት ያለበት ሞክሼዎቹ ከመጠቃለላቸው በፊት ነው፤ ሁለት ፍቺ ያለውም ወደ አንዱ ተገዶ መጻፍ የለበትም፤ ሁለቱም አማራጮች ተይዘው ከሌላው መዝገብ ጋር የሚስማማው ሲገኝ ስምምነቱ በሙሉ ከተጻፈ ስም ትንሽ ያነሰ ነጥብ ይሰጠዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ «ወ/ሮ»፣ «ወ/ሪት»፣ «ዶ/ር»፣ «አቶ»፣ «ሐጂ» እና የመሳሰሉት መጠሪያዎች ከስሙ መነሣት አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ፕሮግራም «ወ/ሮ»ን «ወልደሮ» ብሎ ሊፈታ ይችላልና። ሁለት ቃል ሆነው የተጻፉ ጥምር ስሞችም «ገብረ መድህን» ወደ «ገብረመድህን» እንደሚሆነው ይጋጠማሉ፤ አለበለዚያ «መድህን» የአያት ስም ሳጥን ውስጥ ገብቶ እውነተኛውን አያት ከመዝገቡ ያስወጣዋል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የመጀመሪያውና የሁለተኛው መዝገብ ስም «አለሙ ገብረመድህን ሰይፉ» ሆኖ ርቀቱ ዜሮ ይሆናል፤ ስድስቱም እርምቶች የሰውየው ስም ልዩነት ሳይሆኑ የሁለት ሠራተኞች ልማድ እንደነበሩ በዚህ ይታያል። የእኅትየው ርቀት ግን አሁንም አንድ ነው፤ ስለዚህም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ አንድ እርምት ምን ያህል ሊመዝን ይገባዋል የሚለው ነው።

የግዕዝ ፊደል በአንድ ምልክት ውስጥ ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ «ሙ» ወደ «ም» መለወጡና «ሙ» ወደ «ቡ» መለወጡ ለተራው የአርትዖት ርቀት እኩል ናቸው፤ በእውነቱ ግን በመጀመሪያው የተለወጠው አናባቢው ብቻ ሲሆን በሁለተኛው ተነባቢው ነው። መዝገብ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከተነባቢ ይልቅ አናባቢን ይስታል፤ ድምፅን ተከትለው በሚሠሩ ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ አናባቢው ከተነባቢው በኋላ ለብቻው የሚመታ ስለሆነ፣ እርሱ ከተዘለለ ፊደሉ በሳድስ ይቀራል። ይህን ለመለየት ፊደሉን ወደ ሁለት መክፈል ያስፈልጋል፤ ሥራውም የሚታሰበውን ያህል ከባድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቦታዎች ተሰጥተውታል፤ በመሆኑም የአንድ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር ለስምንት ሲካፈል ድርሻው ቤተሰቡን፣ ቀሪው ደግሞ ደረጃውን ይነግራል። የ«ሙ» ቁጥር 4633፣ የ«ም» ቁጥር 4637 ነው፤ ሁለቱም ለስምንት ሲካፈሉ ድርሻቸው 579 ስለሆነ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቀሪያቸው ግን 1 እና 5፣ ማለትም ካዕብና ሳድስ ነው። እንደ «ጐ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለእነርሱ የተለየ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ለቀሩት ግን ይህ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ተነባቢ ሲለወጥ ሙሉ አንድ፣ አናባቢ ብቻ ሲለወጥ ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ዋጋ መስጠት ይቻላል፤ «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» የሚሉት አጻጻፎችም ተገቢ ቅርበታቸውን ያገኛሉ።

ሆኖም ይኸው ማስተካከያ ዓለሙንና ዓለምን ይበልጥ ያቀራርባቸዋል። በአማርኛ አንዲት አናባቢ ጾታን ልትለውጥ ትችላለች፤ «አበበ» ወንድ፣ «አበባ» ሴት ናት፤ «ደረጀ» እና «ደረጄ» ግን አንድ ስም ናቸው። አናባቢን ሁልጊዜ ማቃለልም ሁልጊዜ ማክበድም ስሕተት በመሆኑ፣ የተሻለው መንገድ መልሱን ከራሱ ከመረጃ ቋቱ መጠየቅ ነው። በአንድ አናባቢ ብቻ የሚለያዩ ሁለት የስም ቅርጾች ሲገኙ የእያንዳንዱ ተሸካሚዎች ጾታ ይቆጠራል፤ አንደኛው ቅርጽ በአብዛኛው በወንዶች፣ ሌላው በአብዛኛው በሴቶች ከተያዘ ሁለት የተለያዩ ስሞች ስለሆኑ ልዩነቱ ሙሉ ዋጋ ይሰጠዋል፤ የጾታው ስብጥር አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ቅርጽ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ከሆነ ግን ጥቂቱ የብዙው የአጻጻፍ ልዩነት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ፈተና ሁሉንም አይፈታም፤ «ታደሰ» እና «ታደለ» ሁለቱም የወንድ ስሞች ናቸው፤ እነርሱን የሚለያቸው ግን ተነባቢ በመሆኑ ከመጀመሪያውም ሙሉ ዋጋ ይከፈልባቸዋል።

ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ በፓስፖርት የተመዘገበ ደንበኛ ወይም ከአሜሪካና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘብ የሚልክ ሰው ስሙ የሚገኘው በዚህ መልክ ነው። በላቲን ፊደል ስሞችን በድምፅ ለማቧደን የተሠራው የቆየው ዘዴ ሳውንዴክስ ነው፤ አሜሪካዊው ሮበርት ራስል እ.ኤ.አ. በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይዞ ቀጥለው የሚመጡትን ተነባቢዎች በድምፅ ቡድናቸው ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ አናባቢዎችን ይጥላል፣ ሦስት ቁጥር ሲሞላም ይቆማል። Tadesse እና Taddese ሁለቱም T320 ስለሚሆኑ ይገናኛሉ፤ Tadele ደግሞ T340 ሆኖ ይለያል፤ እስከዚህ ድረስ ዘዴው ለኢትዮጵያ ስሞችም ጥሩ ያገለግላል። ነገር ግን ፀሐይ የተባለች ደንበኛ በአንዱ መዝገብ Tsehay፣ በሌላው Sehay ተብላ ብትጻፍ፣ የመጀመሪያው T200፣ ሁለተኛው S000 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ፊደል ሳይነካ የሚቀመጥ በመሆኑ ሁለቱ መዝገቦች ከቶ አይገናኙም። በK እና በQ የሚጻፈው የቀ ድምፅም እንዲሁ ነው። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ስም ደግሞ በራሱ ሥርዓት መነበብ አለበት፤ በቁቤ c የጨ፣ x የጠ ድምፅ ስለሆኑ Caaltuu የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ አነባበብ የሚፈታ ፕሮግራም ከጫልቱ ጋር ሊያገናኘው አይችልም።

ስለዚህ የተሻለው አካሄድ በግዕዝም በላቲንም የተጻፈውን ስም ወደ አንድ የጋራ የተነባቢ አጽም መቀነስ ነው፤ ማለትም Ts፣ Tz፣ ጸ እና ሰ ወደ አንድ ምልክት፣ K፣ Q፣ ከ እና ቀ ወደ ሌላ ምልክት እየተመለሱ፣ አናባቢዎችና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የሀ ድምፅ ይጣላሉ። «ገብረመድህን»፣ GEBREMEDHIN እና GEBREMEDIN ሁሉም GBRMDN ይሆናሉ። ይህ አጽም ግን ጥንዶችን ለንጽጽር ማቅረቢያ እንጂ መፍረጃ መሆን የለበትም፤ አለሙም አለምም LM ናቸውና።

አጽሙ ለማቅረቢያ የሚያስፈልግበትን ምክንያት የጥንዶቹ ብዛት ያስረዳል። አንድ ሚሊዮን መዝገብ ያለው ድርጅት እያንዳንዱን ከሌላው ሁሉ ጋር ላወዳድር ቢል 499,999,500,000 ጥንዶች ይኖሩታል፤ በሰኮንድ አንድ ሚሊዮን ጥንድ የሚያወዳድር ኮምፒውተር እንኳ ስድስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከእነዚያም ውስጥ እጅግ የሚበዙት አንድም የሚያገናኛቸው ነገር የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ መዝገቦቹ በቅድሚያ በቡድን ይከፈላሉ፤ የስሙ አጽምና የአባት ስም የመጀመሪያ ተነባቢ አንድ የሆኑት ብቻ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ። የዚህ አደጋ ዝምታው ነው፤ በተለያየ ቡድን የወደቁ የአንድ ሰው መዝገቦች ስለማይወዳደሩ ዝቅተኛ ነጥብ እንኳ አይሰጣቸውም፤ በሪፖርት ላይም አይታዩም። ይህን ለማወቅ ክፍፍሉ በሌላ ቁልፍ፣ ለምሳሌ በስልክ ቁጥር ወይም በትውልድ ቀን፣ እንደገና ይሠራና በሁለተኛው ዙር የተገኙ፣ ግን በመጀመሪያው ያልተገኙ ጥንዶች ይመረመራሉ፤ እነርሱ በዝተው ከተገኙ የመጀመሪያው ቁልፍ ጠብቋል ማለት ነው።

በዚህ መካከል በባንክ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየውን አንድ ዝግጁ ስሌት ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። እርሱም በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በማቲው ጃሮ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1990 በዊልያም ዊንክለር የተሻሻለው የጃሮ-ዊንክለር ነጥብ ነው፤ ሁለት ስሞች በመጀመሪያዎቹ ፊደሎቻቸው ከተስማሙ እስከ አራት ፊደል ድረስ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ሐሳቡም ሰዎች የስምን መጀመሪያ ብዙም አይስቱም የሚል ነው። በኢትዮጵያ ግን ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉት መነሻዎች በእጅግ ብዙ ስሞች ላይ አንድ ስለሆኑ ጭማሪው የተሳሳተውን ይሸልማል። GEBREMARIAM እና GEBREMEDHIN በመጀመሪያው የጃሮ ስሌት 0.76 ያገኛሉ፤ ጭማሪው ሲታከል 0.85 ይደርሳሉ፤ ይህም ብዙዎች «አንድ ሰው» ለማለት የሚጠቀሙበት የወሰን ነጥብ ነው። ጥምር ስሞችን በዚህ ነጥብ ለማወዳደር የሚሻ ባለሙያ መነሻውን ለይቶ አውጥቶ ቀሪውን፣ ማለትም «ማርያም»ን ከ«መድህን» ጋር፣ ለብቻው ቢያወዳድር ይሻለዋል።

የስሞቹ ቅርበት ከታወቀ በኋላ የሁሉም መስኮች ማስረጃ ተደምሮ ፍርድ ይሰጣል። ለዚህ መሠረቱን የጣሉት ኢቫን ፌሌጊና አለን ሰንተር የተባሉ በካናዳ የሠሩ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ መስክ ሲስማማ የሚሰጠው ክብደት በሁለት ዕድሎች ንጽጽር እንደሚገኝ አስረድተዋል፤ አንደኛው መዝገቦቹ በእውነት የአንድ ሰው ቢሆኑ መስኩ የሚስማማበት ዕድል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሁለት ሰዎች ሆነው ሳለ በአጋጣሚ የሚስማማበት ዕድል ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በእውነተኛ ጥንዶች ላይ የአባት ስም ከመቶ 90 ጊዜ ይስማማል ቢባልና «ከበደ» የሚለው የአባት ስም በአጋጣሚ ከመቶ አንዴ ቢገጥም፣ ስምምነቱ ማስረጃውን 90 ጊዜ ያጠነክረዋል፤ ከአሥር ሺህ አንዴ ብቻ የሚገጥም ብርቅ ስም ቢሆን ግን 9,000 ጊዜ ያጠነክረዋል። በዚህ መንገድ «መሐመድ» ከ«መሐመድ» ጋር መግጠሙ ብዙም አያስገርምም፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት ስም መግጠሙ ግን ትልቅ ምስክር ይሆናል።

ይህ ድመራ የሚቆመው መስኮቹ እርስ በርሳቸው የማይተሳሰሩ ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ የስም ሥርዓት ውስጥ ግምቱ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተከታትለው በሚጻፉበት አገር፣ የአንድ አባት ልጆች ሁሉ ከሦስቱ ሁለቱን ይጋራሉ፤ ስልክና አድራሻም ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ናቸው። ዓለሙና ዓለም በአባት ስም፣ በአያት ስምና በስልክ ሲስማሙ፣ ስሌቱ ሦስት ነፃ ምስክሮች የተገኙ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሦስቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር፣ ይኸውም ሁለቱ የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን ነው። አያት ብርቅ ስም ካለው ነገሩ ይብሳል፤ ክብደቱ እጅግ ከፍ ስለሚል የጾታንና የትውልድ ቀንን አለመስማማት ይውጠዋል። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት በኢትዮጵያ መዝገቦች ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሥርዓቱ በሙሉ ልበ ሙሉነት ወንድሞችንና እኅቶችን አንድ ሰው ያደርጋቸዋልና።

መድኃኒቱ ማስረጃውን በሁለት ወገን መክፈል ነው። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክና አድራሻ በአንድ ላይ የቤተሰብ ነጥብ ይሆናሉ፤ የራስ ስም፣ ጾታና የትውልድ ቀን ደግሞ የሰው ነጥብ ይሆናሉ፤ የቤተሰብ ነጥቡ ምንም ያህል ከፍ ቢል የሰው ነጥቡ የራሱን ወሰን ካላለፈ ሁለቱ መዝገቦች አይዋሐዱም። ከአገር ውጭ በተሠሩ መዝገቦች ላይ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ገብቶ የአያት ስም ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ባዶ መስክ እንደ አለመስማማት ሳይሆን ማስረጃ እንደሌለው መቆጠር አለበት።

የትውልድ ቀን በሰው ነጥብ ውስጥ ትልቁን ሸክም ስለሚሸከም ሁለት ነገሮች ሊታዩለት ይገባል። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የዓለሙ አንደኛ መዝገብ 12/05/1978፣ ሁለተኛው 20/01/1986 ይላሉ፤ ጽሑፎቹ በምንም አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ቀኑ አንድ ነው። በሁለት መዝገቦች መካከል የዓመቱ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ሲሆን ፕሮግራሙ አንዱን ቀን ለውጦ እንደገና ማወዳደር አለበት። ሁለተኛው ልደታቸውን በውል ለማያውቁ ሰዎች የሚሞላው ቀን ነው፤ መስከረም 1 ወይም ጃንዋሪ 1 በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ በብዙ እጥፍ ደጋግሞ ከተገኘ፣ በእርሱ መስማማት የቀን ስምምነት ሳይሆን የዓመት ስምምነት ብቻ ተደርጎ ሊመዘን ይገባል።

ፌሌጊና ሰንተር ፍርዱን በሁለት ሳይሆን በሦስት ከፍለውታል፤ በእርግጥ አንድ የሆኑ፣ በእርግጥ የተለያዩ፣ በመካከላቸው ደግሞ ለሰው ዓይን የሚቀርቡ። የሁለቱን ወሰኖች ቦታ ለማወቅ ከየነጥቡ ደረጃ የተወሰኑ ጥንዶች ተመርጠው፣ ማንነትን በሚያውቅ ሠራተኛ በዋናው ቅጽና በፊርማው ናሙና ይመረመራሉ፤ ከዚያም ሥርዓቱ «አንድ ናቸው» ካላቸው ውስጥ ስንቱ እውነት እንደሆነ፣ እንዲሁም አንድ ከሆኑት ውስጥ ስንቱን እንዳገኘ ለየብቻ ይቆጠራል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ የቱ ይቅደም የሚለው በጉዳቱ መጠን ይወሰናል፤ የማስታወቂያ መልእክት ሁለት ጊዜ የደረሰው ደንበኛ ብዙም አይጎዳም፤ የእኅቱ ሒሳብ በእርሱ ስም የተከፈተለት ደንበኛ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ያያል፣ ያወጣልም። ስለዚህ በባንክ ውስጥ ላይኛው ወሰን ጠብቆ መካከለኛው ክፍል ቢሰፋና የሰው ሥራ ቢበዛ ይመረጣል።

ጥንዶች ወደ ቡድን ሲሰበሰቡም ሰንሰለት መፈጠሩን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው መዝገብ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ሲመስል፣ ሦስቱን በአንድ ላይ የሚያጠቃልል ፕሮግራም አንደኛውንና ሦስተኛውን ሳያወዳድር ያዋሕዳቸዋል፤ ብዙ ጊዜ በመካከል ሆኖ ሁለት ሰዎችን የሚያገናኘው ጾታው ያልተሞላ፣ ቀኑ መስከረም 1 የሆነና የአያት ስሙ የጠፋ ባዶ መዝገብ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ መዝገቦችን የያዘ ቡድን ሲወጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚህ ላይ ሊሆን ይገባል፤ በቡድኑ ውስጥ ያሉት ጥንዶች ሁሉ ዝቅተኛውን ወሰን ካላለፉም ቡድኑ በደካማው ማያያዣ ላይ ይከፈላል።

የተገናኙት መዝገቦች አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎ መጥፋት የለባቸውም፤ እያንዳንዱ እንደተጻፈ ይቆይና በላያቸው አንድ የጋራ የደንበኛ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩ የተሰጠበት ቀን፣ የተገኘው ነጥብና ውሳኔውን ያጸደቀው ሠራተኛም አብረው ይመዘገባሉ። ዓለም አንድ ቀን ወደ ቅርንጫፉ መጥታ ሒሳቧ ላይ የወንድሟን ስም ብታገኝ፣ ሠራተኛው የጋራ ቁጥሩን አንሥቶ ሁለቱን መዝገቦች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ሊመልስና ጥንዱንም «የተለያዩ ናቸው» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ይህ ምልክት ካልተቀመጠ በሚቀጥለው ወር የሚሠራው ንጽጽር ሁለቱን እንደገና አንድ ያደርጋቸዋል።